ምድር ቀኗን አልሳተችም፦ ስለ ኢኩኖክስና ሶልስቲስ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ምድር ፀሐይን የምትዞረው በማይናወጥ ሥርዓት ከሆነ አራቱ የዓመቱ መዞሪያዎች፣ ማለትም ሁለቱ ኢኩኖክሶችና ሁለቱ ሶልስቲሶች፣ በየዓመቱ በአንድ ቀን ላይ መዋል ነበረባቸው። እኛ ግን አንዱ ሶልስቲስ በ2023 ዲሴምበር 22፣ በ2024 ደግሞ ዲሴምበር 21 ዋለ ተባልን። የባሰው ዓመቱን ለአራት ሲከፍሉት ይመጣል፤ አንዱ ሩብ 93 ቀን፣ ሌላው 89 ቀን ነው ይላሉ። የአንድ ክብ ሩብ ከሌላው ሩብ እንዴት ይበልጣል? ይህ ፌብሩዋሪን 28 ቀን ካደረገ አቆጣጠር የመጣ መጣፊያ ነው። ምድር በጃንዋሪ ለፀሐይ ትቀርባለች የሚሉትም አውሮፓ በዚያው ወር በበረዶ የምትሸፈነው ለምን እንደሆነ ይንገሩን። አባቶቻችን ግን ቀንና ሌሊት መስከረም 25 እና መጋቢት 25 እንደሚተካከሉ አንዴ ወስነው አልፈዋል። የአዲስ አበባን የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ ቀኑ 12 ሰዓት የሚሆነው መስከረም 25 እንጂ መስከረም 12 አይደለም።»

ይህ ጽሑፍ ብዙዎች የተቀባበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ከተጠቀሱት ቁጥሮችም ብዙዎቹ ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ከቁጥሮቹ የተወሰደው መደምደሚያ ነው። ነጥቦቹን በቀረቡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ፤ በመጨረሻው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ መስሎ የሚታየው እርሱ ነው።

ከሁለቱ ዲሴምበሮች እንጀምር። ሶልስቲስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሆን አንድ ቅጽበት ነው፤ ፀሐይ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን የመጨረሻዋን ያህል ርቃ መመለስ የምትጀምርበት ቅጽበት። ኢኩኖክስም እንዲሁ ፀሐይ ከምድር ወገብ በላይ ቀጥ ብላ የምታልፍበት ቅጽበት ነው። ጸሐፊው የጠቀሷቸው ሁለት ቅጽበቶች በአዲስ አበባ ሰዓት ዲሴምበር 22 ቀን 2023 ከጠዋቱ 12:27 እና ዲሴምበር 21 ቀን 2024 ከቀኑ 6:20 ላይ ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሲቆጠር 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነው። ምድር አንድ ዙር የጨረሰችው በዚህን ያህል ጊዜ ነው፤ አማካዩም 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀን መቁጠሪያ ግን ግማሽ ቀን ወይም ሩብ ቀን ሊይዝ አይችልም። 365 ቀን ብቻ የያዘ ዓመት ባለፈ ቁጥር መዞሪያው ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ለቀረው ጊዜ ወደ ፊት ይገፋል፤ ተጨማሪዋ ቀን የምትገባበት ዓመት ሲመጣ ደግሞ ከ18 ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። 2024 ፌብሩዋሪ 29 የነበራት ዓመት ስለሆነች ከ22 ወደ 21 የተመለሰው ቁጥሩ ነው።

ይህ የቁጥሩ ጉዳይ እንጂ የምድር ጉዳይ እንዳልሆነ ለማየት እነዚያኑ ሁለት ቅጽበቶች በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ይበቃል። የመጀመሪያው ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ነው። ሁለተኛው ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ነው። ጸሐፊው ለምድር መዋዠቅ ማስረጃ አድርገው ያመጡት ልዩነት በራሳቸው አቆጣጠር ጨርሶ የለም! ምክንያቱም እኛ ተጨማሪዋን ቀን የጨመርነው ቀደም ብለን፣ ዘመነ ሉቃስ በነበረው በ2015 መጨረሻ፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ነው። ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ተጨማሪዋን ቀን በተለያየ ጊዜ ስለሚያስገቡ ወደ ኋላ የሚመለሱትም በተለያየ ጊዜ ነው። ምድር ስለ አንዱም አታውቅም።

የሰዓት ክልልም የራሱ ድርሻ አለው። በ2022 ይኸው ሶልስቲስ በዋሽንግተንና በለንደን ገና ዲሴምበር 21 ሳለ የሆነ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት አልፎ 48 ደቂቃ ሆኖ ነበር፤ ስለዚህ ዲሴምበር 22 ተብሎ ተጻፈ። አሜሪካ ያለ ሰውና ኢትዮጵያ ያለ ወንድሙ ስለ አንድ ቅጽበት ሁለት ቀን ቢናገሩ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው አንድ ነገር አለ። ከላይ 53 ደቂቃ ብዬ አማካዩ 49 ነው ማለቴን ያስተዋለ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። አዎን፣ ዓመቱ በደቂቃዎች ደረጃ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ዋናዋ ምክንያት ጨረቃ ናት። ፀሐይን በሥርዓት የሚዞረው የምድርና የጨረቃ የጋራ የክብደት ማዕከል ነው፤ የምድር እምብርት ከዚያ ማዕከል 4,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ጨረቃ በዞረች ቁጥርም አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሆናል። ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ ያንን ርቀት ለመሸፈን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። እነ ቬነስና ጁፒተርም በስበታቸው ጥቂት ይጨምሩበታል። መዋዠቁ አለ፤ መጠኑ ግን በደቂቃ የሚለካና አስቀድሞ የሚሰላ ነው፣ ቀን የሚያስቀይር መዛባት አይደለም።

አሁን ወደ ሩቦቹ። ወሮቹን ተጠያቂ ማድረግ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን ያምናል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ጨርሶ በማትገባበት፣ ከጳጉሜን በቀር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን በሆነበት በእኛ አቆጣጠር እንቁጠር። በ2016 የመጋቢቱ ኢኩኖክስ መጋቢት 11 ከጠዋቱ 12:06 ነበር። ሶልስቲሱ ሰኔ 13 ከሌሊቱ 5:51፣ ቀጣዩ ኢኩኖክስ መስከረም 12 ቀን 2017 ከቀኑ 9:44፣ ሁለተኛው ሶልስቲስ ታኅሣሥ 12 ከቀኑ 6:20፣ ከዚያም ተመልሶ መጋቢት 11 ቀን 2017 ከቀኑ 6:01። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው ሩብ 92 ቀን ከ18 ሰዓት ያህል ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም 93 ቀን ከ16 ሰዓት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 89 ቀን ከ21 ሰዓት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 89 ቀን ሊሞላ 19 ደቂቃ ሲቀረው። ወር በወር እየጨመረ የሚቆጥር ማንም አንባቢ ይህንኑ ያገኛል። ልዩነቱ ከሁለቱ ቅጽበቶች መካከል ካለው ጊዜ የመጣ ስለሆነ ወሮቹን እንደፈለግን ብንሸነሽናቸው አይጠፋም።

ታዲያ የክብ ሩብ ከሌላው ሩብ እንዴት ይበልጣል? ፀሐይ በክቡ መሀል ብትሆን ኖሮ አይበልጥም ነበር። ሰዎች ሞላላ ምሕዋር ሲባሉ የተጨፈለቀ እንቁላል የመሰለ መንገድ በዓይነ ኅሊናቸው ይስላሉ፤ እንደዚያ አይደለም። የምድር ምሕዋር ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን በጠባቡ በኩል የሚያንሰው በ21,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ ቢሣል ከክብ የሚለየው ዓይን የለም። ዋናው ጉዳይ ፀሐይ ከመሀሉ 2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብላ መገኘቷ ነው። አራቱ መዞሪያዎች የሚለዩት ከፀሐይ ሲታዩ በየ90 ዲግሪው ነው፤ ማለትም በፀሐይ ላይ የሚገናኙ ሁለት መስመሮች መስቀል ሠርተው ምሕዋሩን ለአራት ይከፍሉታል። ክብ ድፎ ዳቦ ወስዳችሁ ቢላዋውን ከመሀሉ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቦታ ላይ በመስቀል ብታሳርፉት አራት እኩል ቁራሽ አታገኙም፤ ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ዲግሪ ቢሆኑም እንኳ።

በዚህ ላይ የፍጥነት ልዩነት ይጨመራል። ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ በሰከንድ 30.3 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ስትርቅ ወደ 29.3 ትወርዳለች። ይህን ሕግ ዮሐንስ ኬፕለር በ1609 አሳተመው፦ ከፀሐይ ወደ ፕላኔቷ የተዘረጋ መስመር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል። ስለዚህ ሩቅ ያለችው ምድር በሁለት ምክንያት ትዘገያለች፤ የምትሄደው መንገድ ይረዝማል፣ እርምጃዋም ያዘግማል። የሩቦቹን ልዩነት እነዚህ ሁለቱ ምክንያቶች እኩል ያህል ይጋሩታል። ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ፣ በሰኔ ማለቂያ አካባቢ ነው፤ ረጅሙ ሩብ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው መሆኑም ለዚህ ነው። በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ከገና ጥቂት ቀናት በፊት ነው፤ አጭሩ ሩብ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ነው።

መጣፊያ ነው ለሚለው ክስ ከዚህ የሚበልጥ መልስ ታሪክ ይሰጠናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሂፓርኮስ ከመጋቢቱ ኢኩኖክስ እስከ ሰኔው ሶልስቲስ 94 ቀን ተኩል፣ ከዚያ እስከ መስከረሙ 92 ቀን ተኩል ብሎ ቆጥሮ ነበር። ፌብሩዋሪ በሮም በዛሬው መልኳ ከመስተካከሏ በፊት ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በእርሱ ጊዜ ረጅሙ ሩብ የመጀመሪያው ነበር፣ ዛሬ ግን ሁለተኛው ነው። ይህ የሆነው ምድር ከፀሐይ የምትርቅበትና የምትቀርብበት ቀን ከወቅቶቹ አንጻር በ58 ዓመት አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚሄድ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቅርቡ ቀን ከታኅሣሡ ሶልስቲስ ጋር ገጥሞ ነበር፤ አሁን ሁለት ሳምንት ያህል አልፎታል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው መጣፊያ እንዲህ ባለ ዝግታና ሥርዓት በሁለት ሺህ ዓመታት ውስጥ አይለወጥም።

የአባቶችን ቁጥር ራሱን ብንቆጥረውም እኩል ሩብ የለም። ከመጋቢት 25 እስከ መስከረም 25 ያለው 185 ቀን ነው፤ ከመስከረም 25 እስከ መጋቢት 25 ግን 180። ጸሐፊው የሚከላከሉት አቆጣጠር ራሱ የዓመቱን ሁለት ግማሾች እኩል አላደረጋቸውም፤ ረጅሙን ግማሽም በትክክለኛው በኩል አስቀምጦታል። በሰማይ ያለው ልዩነት ከዚህም ሰፋ ይላል፦ 186 ቀን ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረውና 179 ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

የጃንዋሪው በረዶ አጭር መልስ ይበቃዋል። ምድር በጃንዋሪ ከፀሐይ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ በጁላይ 152.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከዚህ የሚመጣው የብርሃን ልዩነት 7 በመቶ ያህል ነው። ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖቻችን የምታዩትን አስቡ፤ በሰኔው ሶልስቲስ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 54 ዲግሪ ከፍ ትላለች፣ ቀኑም 18 ሰዓት ተኩል ነው። በታኅሣሡ 7 ዲግሪ ላይ ታዘግምና በስድስት ሰዓት ውስጥ ትጠልቃለች። ይህ የምድር ዘንግ መዘንበል ያመጣው ልዩነት ብዙ እጥፍ ስለሆነ 7 በመቶው ይዋጣል። ርቀት ብቻ ቢወስን ኖሮ ጃንዋሪ በስቶክሆልምም በጆሃንስበርግም ሞቃት በሆነ ነበር፤ እንደምናውቀው በጆሃንስበርግ ብቻ ነው። መቅረቧን ለሚጠራጠር ደግሞ ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በአንድ ካሜራና በአንድ ሌንስ፣ ለፀሐይ በተሠራ ማጣሪያ፣ በጃንዋሪና በጁላይ መጀመሪያ ፀሐይን ፎቶ ያንሣ። የጃንዋሪዋ ፀሐይ 3 በመቶ ያህል ትልቅ ሆና ትወጣለች።

ከዚህ ጋር አንድ የሚደንቀኝን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በቅርቡ ጊዜ ብርሃኑ ይበረታል፣ ሩቡ ግን ያጥራል፤ በሩቁ ጊዜ ብርሃኑ ይደክማል፣ ሩቡ ግን ይረዝማል። ሁለቱ በትክክል ይካካሳሉ። መላዋ ምድር በ89 ቀኑ ሩብ የምትቀበለው ጠቅላላ የፀሐይ ብርሃን በ93 ቀን ተኩሉ ሩብ ከምትቀበለው ጋር እኩል ነው። ጸሐፊው በቀናት ቁጥር ውስጥ የፈለጉት እኩልነት እዚህ ቦታ አለ።

የቀረው መስከረም 25 ነው። ምልከታቸው ትክክል ስለሆነ በግልጽ እቀበለዋለሁ፦ በአዲስ አበባ ሰንጠረዥ ቀኑ ልክ 12 ሰዓት የሚሆነው መስከረም 25 ወይም 26 ገደማ ነው። በእውነተኛው ኢኩኖክስ በመስከረም 12 ቀኑ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ሰባቱ ደቂቃዎች ከሁለት ነገር ይመጣሉ። ፀሐይ ወጣች የምንለው የላይኛው ጠርዟ ብቅ ሲል እንጂ መሀሏ ሲደርስ አይደለም፤ በዚያ ላይ አየሩ ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ሳለች ትታየናለች። ሲመሽም ይኸው ይደገማል። ስለዚህ በመስከረም በኩል ቀኑ ከ12 ሰዓት ጋር የሚተካከለው ኢኩኖክሱ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ጥቂት ከሄደች በኋላ ነው። ለአዲስ አበባ ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ መስከረም 25 ላይ መውደቁ ግጥምጥሞሽ ነው።

ግጥምጥሞሽ መሆኑ የሚታወቀው ሰንጠረዡን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞ ሲሄዱ ነው። ጎንደር ላይ ቀኑ ሳምንት ተኩል ከማይሞላ ጊዜ በኋላ፣ መስከረም 22 አካባቢ 12 ሰዓት ይሆናል። ሞያሌ ላይ ግን ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረብን መጠን የቀኑ ርዝመት የሚለወጠው በጣም በዝግታ ስለሆነ። በምድር ወገብ ላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት አይወርድም። ከከተማ ከተማ የሚለያይ ቀን የዓመቱ መዞሪያ ሊሆን አይችልም፤ ፀሐይ ከምድር ወገብ በላይ የምታልፍበት ቅጽበት ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ወሳኙ ፈተና መጋቢት ነው። ጸሐፊው ያንኑ ሰንጠረዥ በመጋቢት 25 ቢከፍቱት ኖሮ የአዲስ አበባ ቀን 12 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ያገኙት ነበር። በዚያ በኩል ቀኑ 12 ሰዓት የሚሆነው ከኢኩኖክሱ በፊት፣ በየካቲት መጨረሻ፣ የካቲት 27 አካባቢ ነው። አንዱ ቀን የገጠመው፣ ሌላው አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የሳተው፣ ግጥሚያው ከአየሩና ከፀሐይ ጠርዝ የመጣ ስለሆነ ነው።

ይህን ስል ባሕረ ሐሳብን ያቆዩልንን አባቶች ማቃለል አይደለም፤ እንዲያውም ቀኑን በዘፈቀደ አልመረጡትም። መጋቢት 25 በጥንቱ የሮማውያን የዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 21 ነው። የኒቅያ ጉባኤ በተደረገበት በ325 አካባቢ ኢኩኖክሱ በእርግጥ በዚያ ቀን ወይም በዋዜማው ይውል ነበር፤ የፋሲካ ስሌትም በእርሱ ላይ ቆመ። ችግሩ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምር አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከ6 ሰዓት አድርጎ መያዙ ነው፤ ከእውነተኛው በ11 ደቂቃ ያህል ይበልጣል። አሥራ አንድ ደቂቃ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል፣ በ1,700 ዓመት ደግሞ 13 ቀን። ኢኩኖክሱ ዛሬ መጋቢት 11 ላይ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በአውሮፓ ይህን ለማስተካከል በ1582 አሥር ቀን ተዘለለ፤ ለ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመታትም ተጨማሪ ቀን እንዳይኖራቸው ተወሰነ። የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ዓመት 2100 ነው። በዚያ ዓመት እነርሱ ፌብሩዋሪ 29ን ሲዘልሉ እኛ ስለማንዘል የእንቁጣጣሽ ቀን ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል፤ ኢኩኖክሱም በእኛ አቆጣጠር በ128 ዓመት አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ወደ መስከረም 1 መቅረቡን ይቀጥላል።